«ድንግል ተራራ» እና የማጠቢያ ጣቢያው መዝገብ፤ የአንድ ቡና መግለጫ እርማት



የዛሬው ንግግሬ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ያተኩራል። በይርጋጨፌ የሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በቡና ከረጢቱ ላይ ሊያሰፍራት እንደሚችለው አድርጌ ለማስተማሪያ ያዘጋጀኋት ናት፤ «ጭጋግ ባረበበባቸው ድንግል ተራሮች፣ ገበሬዎቻችን ከአባቶቻቸው በወረሱት ፍቅር የለቀሙት ልዩ ቡና።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር የጅማም የሲዳማም ማኅበር ሳይለውጥ ሊለጥፋት ይችላል። ስለዚህ ምንጭን አታሳይም። ከዚህ የከፋው ግን «ድንግል» የሚለው ቃል ነው። የጌዴኦ ቡና በአብዛኛው የሚበቅለው በእንሰትና በጥላ ዛፎች መካከል፣ ሰው ለትውልዶች እየተከለና እየገረዘ ባቆየው እርሻ ውስጥ ነው። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. የጌዴኦን ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም በባህላዊ መልክዓ ምድርነቱ ነው። ገበሬውን ለማወደስ የገባው ቃል የገበሬውን ድካም ይሰርዛል ማለት ነው።

ታዲያ በምን እንተካው? እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የብዙ አባላት እሸት ቡና በማጠቢያ ጣቢያ ስለሚቀላቀል፣ የአንድን ገበሬ ፎቶግራፍ ለጥፎ «የእርሱ ማሳ ቡና» ማለት ሐሰት ነው። በሐቅ ሊጠቀስ የሚችለው ምንጭ ጣቢያውና እሸቱ የመጣባቸው ቀበሌዎች ናቸው፤ ከፍታውም በአንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ይጻፋል።

ጥራትን በተመለከተ ማስረጃው በጣቢያው መዝገብ ውስጥ ተኝቷል፦ እሸቱ መቼ ተፈለፈለ፣ ስንት ሰዓት በገንዳ ተብላላ፣ ስንት ቀን በአልጋ ላይ ደረቀ፣ እርጥበቱ ስንት ነበር። እነዚህ የሂደት ምልክቶች እንጂ የጣዕም ዋስትና አይደሉም። ስለ ጣዕም የሚናገረው የዚያው ዓመት፣ የዚያው ክምችት ቅምሻ ብቻ ነው። ካለፈው ዓመት የተገለበጠ «የአበባ መዓዛ» ገዢው ናሙናውን በቀመሰ ዕለት ይጋለጣል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛውንም ቃል የሚያምን አይኖርም።

የታረመው ጽሑፍ፣ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ መሆናቸው ሳይዘነጋ፣ ይህን ይመስላል፦

«በይርጋጨፌ፣ ከ1,900 እስከ 2,100 ሜትር ከፍታ ካላቸው የአባላት ማሳዎች በኅዳር ተለቅሞ በማኅበሩ ጣቢያ የታጠበ። በለቀማው ዕለት ተፈልፍሎ ለ40 ሰዓት ተብላልቷል፤ በአልጋ ላይ 12 ቀን ደርቋል። ከመጋዘን ሲወጣ እርጥበቱ 11 በመቶ። በየካቲት ቅምሻ የሎሚና የአበባ ጠረን ተመዝግቦለታል።»

«ፍቅር» የለም፣ «ልዩ» የለም፤ ቅር የሚላችሁ ትኖራላችሁ። «ኦርጋኒክ» የሚለውም የተተወው ሆን ተብሎ ነው፤ የምስክር ወረቀት በሌለበት ማዳበሪያ አለመጠቀምን ብቻ ጠቅሶ ይህን ስም መስጠት አይቻልም። የሌላ ጣቢያ ቡና ጎድሎ ለመሙላት የተጨመረበት ክምችት ከሆነ ደግሞ፣ የከፍታው መስመርና የጣቢያው ስም እንዳሉ ሊቀሩ አይችሉም፤ የሁለቱም ጣቢያዎች ስም ይጻፋል።