የመንገድ መሐል መስመር በዳገት አናት ላይ



ተሽከርካሪዎች በሁለት አቅጣጫ በሚተላለፉበት አውራ ጎዳና መሐል የሚቀባው መስመር የሚናገረው ቀድሞ ስለማለፍ ነው። የተቆራረጠው ይፈቅዳል፤ ያልተቆራረጠው ይከለክላል። ሁለት ያልተቆራረጡ መስመሮች ጎን ለጎን ሲሰመሩ ክልከላው ለሁለቱም አቅጣጫ ነው። አንዱ የተቆራረጠ፣ ሌላው ያልተቆራረጠ ከሆነ ግን አሽከርካሪው የሚታዘዘው በእርሱ ወገን ላለው ነው። ይህን መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ክልከላው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ መወሰን ግን የመሐንዲሱ ፈንታ ነው።

ለምሳሌ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳበት አንድ የዳገት አናት ይወሰድ። የአሜሪካው የመንገድ ምልክቶች መመሪያ ለዚህ ፍጥነት 245 ሜትር ያህል የዕይታ ርቀት ይጠይቃል፤ የአሽከርካሪው ዓይንም፣ ከፊት የሚመጣው ተሽከርካሪም ከአስፋልቱ በላይ 1.07 ሜትር ላይ እንዳሉ ይቆጠራል። ሁለት ሰዎች ይህን ርቀት ጠብቀው ይከታተላሉ። የፊተኛው በተባለው ከፍታ ዒላማ ይይዛል፤ የኋለኛው በዚያው ከፍታ አጎንብሶ ይመለከታል። ዒላማው ሲሰወርና ተመልሶ ሲታይ የኋለኛው የቆመባቸው ሁለት ነጥቦች ለዚያ አቅጣጫ የክልከላው መጀመሪያና መጨረሻ ናቸው።

ዒላማው የኋለኛው ሰው 100ኛው ሜትር ላይ ሲደርስ ቢሰወርና 380ኛው ላይ ሲደርስ ቢታይ፣ ለወጪው አሽከርካሪ መስመሩ በነዚህ መካከል አይቆራረጥም። ዓይንና ዒላማ እኩል ከፍታ ስላላቸው ለተመላሹ ሁለተኛ ልኬት አያስፈልግም፤ የእርሱ ክልከላ የፊተኛው ሰው ከነበረባቸው ነጥቦች ይነበባል፦ ከ625 እስከ 345። አናቱ 362ኛው ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ክልከላዎች የሚደራረቡት በ35 ሜትር ላይ ብቻ ነው። አናቱን ግራና ቀኝ በድርብ ክልከላ መሸፈን ጥንቃቄ ይመስላል፤ ዳር እስከ ዳር እያየ የሚወርደውን አሽከርካሪ ያለ ምክንያት መከልከል ግን መስመሩን እንዲንቅ ማስተማር ነው።

የተቆራረጠውም መስመር ቢሆን ዋስትና አይሰጥም። ሁለት መኪናዎች እያንዳንዳቸው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲቀራረቡ 245 ሜትሩ በአምስት ሰከንድ ተኩል ያልቃል። ልኬቱ ቀዳሚው ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ረድፉ ሊመለስ እንደሚችል የታሰበበት ነው። ተሳቢ ያለውን የጭነት መኪና ጀምሮ ለመጨረስ ይህ አይበቃም።

ስሕተቱ በብዛት የሚገባው አስፋልቱ እንደገና ሲለብስ ነው። አሮጌው ቀለም ይቀበራል፤ ቀቢውም በግምት ይጀምራል። በምሳሌው መንገድ ለወጪው የሚሰመረው ያልተቆራረጠ መስመር አናቱ 50 ሜትር ሲቀረው ቢጀምር፣ ከዚያ በፊት ባለው ከ200 ሜትር በላይ አሽከርካሪው ከፊቱ የሚመጣውን በቂ ርቀት ሳያይ እንዲቀድም ይፈቀድለታል። ጉድለቱን ማወቅ አይከብድም። በትክክል የተለካ ክልከላ ከአናቱ እጅግ ቀደም ብሎ ይጀምርና አናቱን እንዳለፈ ያበቃል። ከአናቱ ወዲህና ወዲያ እኩል የተዘረጋ ከሆነ ማንም አልለካውም። ስለዚህ አዲሱ አስፋልት ከመፍሰሱ በፊት የየመስመሩ ጫፍ ከድልድይ ወይም ከኪሎ ሜትር ድንጋይ ተለክቶ መመዝገብ አለበት፤ የዳገቱ ቅርጽ ከተለወጠም ሁለቱ ሰዎች ዒላማቸውን ይዘው እንደገና መውጣት ይኖርባቸዋል።