ማሽኑን እንግዛው ወይስ እንከራየው?
በሰንሻይን ለማኅበሩ አባላትና ደጋፊዎች የቀረበ ንግግር



በሂሳብ ሥራ ላይ ስላለሁ ከእናንተ መካከል ሱቅ ወይም ካፌ ሊከፍት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ ይደውልልኛል። ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፤ «መሣሪያውን ልግዛው ወይስ ልከራየው?» ዛሬ መልሱን በአንድ ዕቃ ላይ ላሳያችሁ። ዕቃው ሁላችንም የምናውቀው የኤስፕሬሶ ማሽን ነው።

አንዲት እህታችን እዚሁ ሰንሻይን ሃምፕሻየር ሮድ አካባቢ ትንሽ ካፌ ልትከፍት ነው እንበል። ድርጅቷ ኩባንያ ሆኖ ተቋቁሟል፣ ለጂ.ኤስ.ቲ. ተመዝግቧል። በእጇ 30,000 ዶላር አላት። ባለ ሁለት እጅ ማሽኑ 15,000 ዶላር ሲሆን ጂ.ኤስ.ቲ. 1,500 ተጨምሮበት 16,500 ይሆናል። ዋጋዎቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ቁጥር ተክታችሁ ትሠሩበታላችሁ።

በመጀመሪያ በጥሬ ገንዘብ ገዛችው እንበል። 16,500 ከፈለች። 1,500 ጂ.ኤስ.ቲ.ውን በሩብ ዓመቱ የባስ ሪፖርት ታስመልሳለች፤ ስለዚህ እውነተኛ ወጪዋ 15,000 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ማሽኑን በ4,000 ሸጠችው እንበል። የኩባንያ ግብር ለአነስተኛ ድርጅት 25 ከመቶ ነው። 15,000ው ከትርፍ ሲቀነስላት 3,750 ግብር ይቀርላታል፤ ከሽያጩ 4,000 ላይ ደግሞ 1,000 ግብር ከፍላ 3,000 ይተርፋታል። ከ15,000 ላይ 3,750ውንና 3,000ውን ስንቀንስ ማሽኑ በአራት ዓመት 8,250 ዶላር ፈጀባት ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ተከራየችው እንበል። ኪራዩ ከጂ.ኤስ.ቲ. ውጭ በወር 440 ዶላር ነው። በ48 ወር 21,120 ይሆናል። ኪራዩ በሙሉ ከትርፍ የሚቀነስ ወጪ ስለሆነ 5,280 ግብር ይቀርላታል፤ የተጣራው ወጪ 15,840 ነው። በመጨረሻም ማሽኑ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ይህ ከግዢው በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ኪራዩን እንደ ብድር ብናሰላው በወር 2 ከመቶ ገደማ፣ በዓመት 24 ከመቶ ያህል ወለድ እንደመክፈል ነው። የኪራይ ውል ላይ «ወለድ» የሚል ቃል ስለሌለ ብዙ ሰው ይህን አያየውም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ፣ «ኪራይ እኮ ሙሉ በሙሉ ከግብር ይቀነሳል፣ ግዢ ግን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ነው የሚቀነሰው» ይለኛል። ይህ አባባል ለትልልቅ ዕቃ እውነትነት አለው። ለአነስተኛ ንግድ ግን፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች ከሆነ፣ በ2024-25 የግብር ዓመት ከ20,000 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ሙሉ ዋጋው በአንድ ዓመት ይቀነስ ነበር። ገደቡ ለእያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻ ነው፤ ለጂ.ኤስ.ቲ. የተመዘገበ ሰው ደግሞ ዋጋውን ጂ.ኤስ.ቲ.ውን ሳይጨምር ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ 21,780 የሚል ዕቃ እንኳ ያለ ጂ.ኤስ.ቲ. 19,800 ስለሆነ ያልፋል። ከገደቡ በላይ የሆነው በጋራ ቋት ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት 15 ከመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 30 ከመቶ ይቀነሳል። ገደቡ ሲቀያየርና በየጊዜው ሲራዘም የኖረ ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት የዓመቱን ጠይቁ። ሌላው ነገር፣ ዕቃው እስከ ጁን 30 ተተክሎ ለሥራ ዝግጁ መሆን አለበት። ጁን 28 ከፍላችሁ ማሽኑ ጁላይ ላይ ቢመጣ የዚያን ዓመት ቅናሽ አታገኙም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። የግብር ቅናሽ ማለት ኤ.ቲ.ኦ. ማሽኑን ገዛልን ማለት አይደለም። ከእያንዳንዱ ዶላር 25 ሳንቲም ነው የሚመለሰው፤ 75 ሳንቲሙ የእናንተው ነው። ደግሞም ትርፍ ከሌለ የሚቀነስበት ነገር የለም። አዲስ ካፌ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ አያተርፍም። ያን ጊዜ 3,750ው ኪሳራ ሆኖ ወደ ቀጣይ ዓመታት ይተላለፋል እንጂ ዘንድሮ እጅ ላይ አይገባም።

ወደ እጅ ገንዘብ የምንመጣውም ለዚህ ነው። እህታችን 30,000 አላት ብያችኋለሁ። ማሽኑን በጥሬ ገንዘብ ብትገዛ 13,500 ይቀራታል። ከዚያ ላይ የሱቁ ኪራይና ማስያዣ፣ ማቀዝቀዣ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የጡረታ መዋጮ ይወጣል። 1,500ው ጂ.ኤስ.ቲ. ባሱ እስኪሞላ ወራት ይወስዳል። ካፌ በሦስተኛው ወር የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ስለተወደደ አይደለም፤ ማሽኑ ተገዝቶ የወተትና የደመወዝ ገንዘብ ስላለቀ ነው። ስለዚህ በጠቅላላ ወጪ ርካሹ መንገድ በእጅ ገንዘብ አደገኛው ሊሆን ይችላል።

መካከለኛው መንገድ የመሣሪያ ብድር ነው። አበዳሪው ማሽኑን መያዣ ያደርገዋል፣ ባለቤቷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሷ ነች። 16,500ውን በ10 ከመቶ ለአራት ዓመት ብትበደር በወር 418 ዶላር ገደማ ትከፍላለች። ይህ ከኪራዩ ያነሰ ነው፣ በመጨረሻም ማሽኑ የእሷ ነው። ባለቤት ስለሆነች ጂ.ኤስ.ቲ.ውን በአንድ ጊዜ ታስመልሳለች፤ የዋጋውን ቅናሽም እንደ ጥሬ ገንዘብ ገዢ ታገኛለች። ወለዱ በጠቅላላ 3,590 ያህል ነው፤ እሱም ከትርፍ ስለሚቀነስ ከግብር በኋላ 2,690 ይሆናል። ስለዚህ ጠቅላላ ወጪዋ 10,940 ገደማ ነው። ችግሩ አበዳሪዎች ለጀማሪ ንግድ እንደልብ አያበድሩም፤ ንግዱ ጥቂት ዓመት የሠራ መሆኑን ወይም ቤት ያለው ዋስ ማየት ይፈልጋሉ።

ታዲያ ኪራይ ለማን ይበጃል? ንግዱ ይቆም አይቆም እርግጠኛ ላልሆነ ሰው። ማሽኑ ከአንድ ዓመት በኋላ በ9,000 ይሸጣል እንበል። ካፌው በ12 ወር ቢዘጋ የገዛው ሰው 6,000 ይከስራል፤ የተከራየው 5,280 ከፍሎ ማሽኑን ይመልሳል። ኪራይ አሸነፈ። በሁለት ዓመት ቢዘጋና ማሽኑ በ7,000 ቢሸጥ ገዢው 8,000፣ ተከራዩ 10,560 አውጥቷል። ሚዛኑ የሚዞረው በ15ኛው ወር አካባቢ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ስንት ብር ነው?» ሳይሆን «ለስንት ጊዜ እጠቀምበታለሁ?» የሚለው ነው።

እኔ ብጠየቅ ለእህታችን የምመክራት የ12 ወር ኪራይ ነው፤ ነገር ግን በ12ኛው ወር በስንት መግዛት እንደምትችል በውሉ ላይ በቁጥር የተጻፈበት። የመግዣው ዋጋ 11,000 ቢሆን ከኪራዩ ጋር 16,280 ይመጣል። ከጥሬ ገንዘቡ ግዢ የሚበልጠው በ1,280 ነው። ይህን የአንድ ዓመት መድን ብላችሁ ቁጠሩት። «በኋላ እንስማማለን» የሚል ውል ግን መድን አይሆንም።

ሜልበርን ውስጥ ቡና አቅራቢዎች ማሽን «በነፃ» እንደሚሰጡም ታውቃላችሁ። በየሳምንቱ ይህን ያህል ኪሎ ቡና ከኛ ብቻ ግዙ፣ ማሽኑንና ጥገናውን እኛ እንችላለን ይላሉ። ኪራዩ ያለው የቡናው ዋጋ ውስጥ ነው። ቡናውን ከሌላ ቦታ ከምታገኙት በኪሎ 4 ዶላር አስወድደው ይሰጣሉ እንበል። በሳምንት 10 ኪሎ የምትጠቀሙ ከሆነ በአራት ዓመት ከግብር በኋላ 6,240 ይመጣል። የራሳችሁ ማሽን ደግሞ ከጥገና ጋር፣ ጥገናውን በዓመት 1,000 ብለን ከግብር በኋላ ብናስበው፣ 11,250 ነው። ስለዚህ ለትንሽ ካፌ «ነፃው» በእርግጥም ይረክሳል። በሳምንት 18 ኪሎ ስትደርሱ እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ በሸጣችሁ ቁጥር እየከፈላችሁለት ነው። ዋናው እዳ ግን ሌላ ነው፤ የወገናችሁን ይርጋ ጨፌ ወይም ሲዳማ ቡና በዚያ ማሽን ላይ ማፍላት አትችሉም። የኢትዮጵያ ቡና ብላችሁ ካፌ የምትከፍቱ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ቦታ አንብቡ። አንደኛ፣ ውሉ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ቀድማችሁ በጽሑፍ ካላሳወቃችሁ ኪራዩ ራሱን የሚያድስ ውል አለ። ሁለተኛ፣ ኩባንያው ቢዘጋ እናንተ በግላችሁ ዋስ ናችሁ? ሦስተኛ፣ ማሽኑ ቢበላሽ ኪራዩ ይቆማል ወይ? ብዙ ጊዜ አይቆምም። ያገለገለ ማሽን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩን በፒ.ፒ.ኤስ.አር. መዝገብ ፈትሹ። ፍለጋው 2 ዶላር ነው። ሻጩ የተከራየውን ወይም በብድር የያዘውን ማሽን ሸጦላችሁ ከሆነ ባለመብቱ መጥቶ ሊወስድባችሁ ይችላል።

ይህ ስሌት ለአገር ቤትም ያገለግላል። ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ደውሎ «ለእንጨት ሥራ ማሽን ገንዘብ ላኩልኝ» ሲል ሙሉ ዋጋውን ከመላካችን በፊት እንጠይቀው። በኢትዮጵያ የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ ከአዋጅ ቁጥር 103/1990 ጀምሮ በሕግ የታወቀ ነው፤ በክልላችንም ባሕር ዳር ላይ ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አለ። እዚያ ማሽኑ ራሱ መያዣ ስለሚሆን ቤትና መሬት የሌለው ወጣትም መጀመር ይችላል። የእኛ ገንዘብ ለመነሻ መዋጮውና ለጥሬ ዕቃው ቢውል ለአንድ ሰው ያሰብነው ለሁለት ሊበቃ ይችላል።

ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ፣ ከሻይ በኋላ የራሳችሁን ቁጥር ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ፤ አብረን እናሰላዋለን።