የስማርት ቴሌቪዥን አፕዴት ይብራ ወይስ ይጥፋ?

የስማርት ቴሌቪዥናችሁ አውቶማቲክ አፕዴት ይብራ ወይስ ይጥፋ? እኔ ይብራ እላለሁ። ሌባ ቁልፉን ያስቀረጸበት በር ቁልፉ ካልተቀየረ ቢዘጋም ክፍት ነው። አፕዴትም እንዲሁ በሶፍትዌሩ ላይ የተገኘውን ቀዳዳ ይዘጋል። በዚያ ላይ እንደ ዩቲዩብ ያሉ መተግበሪያዎች ያለ አፕዴት ውለው አድረው ሊያስቸግሩ ይችላሉ።

“የመነሻ ገጹን ይቀይራል፣ ማስታወቂያም ያመጣል” የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ያ ያናድዳል፤ ግን ከተከፈተ በር ይሻላል። ይልቅ የሚያሰጋው መብራት ነው። አፕዴት እየተጫነ መብራት ቢሄድ ቴሌቪዥኑ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲቆራረጥ አውቶማቲኩን ለጊዜው አጥፉት፤ አፕዴት ከተጀመረም ቴሌቪዥኑን ከሶኬት አትንቀሉት። በስልክ ሆትስፖት ለምትጠቀሙ ግን አፕዴት ፓኬጃችሁን ይበላል፤ እናንተ አውቶማቲኩን አጥፉና ዋይፋይ ስታገኙ ከሴቲንግ ገብታችሁ ራሳችሁ ጫኑት።