የሉል ሐብል እንዴት ይመረመራል?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ይዘን የቀረብነው ሁለት ነጫጭ ሐብሎችን ነው። አንደኛውን ለመማሪያ ብለን ከገበያ በርካሽ ገዛነው። ሁለተኛው የአንድ የክፍል ጓደኛችን እናት ንብረት ነው። እኒህ እናት በዐረብ አገር በሰው ቤት ሲሠሩ ኖረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፥ እመቤታቸው የሁለት ወር ደመወዛቸውን በገንዘብ መክፈሉን ትተው «ይህ እውነተኛ ሉል ነው፤ ከደመወዝሽ ይበልጣል» ብለው ይህን ሐብል ሰጧቸው። እዚህ ከደረሱ በኋላ ግን አንዱ ጎረቤት «ሉል ነው» ሲል ሌላው «መስተዋት ነው» ስላላቸው፥ ልጃቸው ሐብሉን ወደ ክበባችን አመጣው።

መጀመሪያ ሉል ምን እንደ ሆነ እንናገር። ሉል የሚገኘው ሁለት ክዳን ካለው የውሃ ዛጎል ውስጥ ነው። ባዕድ ነገር ወደ ሥጋው ሲገባበት፥ እንስሳው የዛጎሉን ውስጠኛ ገጽ በሚለብጥበት በዚያው አንጸባራቂ ነገር ይሸፍነዋል። ይህ ልባጥ ናክር ይባላል። ናክር ከኖራ ወገን የሆኑ እጅግ ስስ ሰሌዳዎች እንደ ግንብ ተነባብረው የሚሠሩት ነው፤ ሁለት ሺሕ ያህል ቢነባበሩ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ይሞላሉ። ብርሃን ከላይኛውም ከታችኛውም ንብርብር ስለሚመለስ፥ የሉል ጸዳል ከውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ዱሮ ሉል በአጋጣሚ የሚገኝ ነበር። በ1893 (በፈረንጆች አቈጣጠር) ሚኪሞቶ ኮኪቺ የሚባለው ጃፓናዊ አኮያ በሚባለው ዛጎል ውስጥ ግማሽ ክብ ሉል ለማሳደግ ቻለ፤ ድቡልቡሉም ከዓመታት በኋላ ተከተለ። ዛሬ በታሂቲ ጥቁሩ፥ በአውስትራልያ ትልልቁ፥ በቻይና የጣፋጭ ውሃው ሉል ይለማል። በእጃችን ያለው ግን መልኩም መጠኑም የአኮያ ነው። አኮያን የሚያለሙ ሰዎች ከወንዝ ዛጎል የተቀረጸ ድቡልቡል ፍሬ ከትንሽ የሌላ አኮያ ሥጋ ጋር በእንስሳው ውስጥ ይከቱና ወደ ባሕር ይመልሱታል። ናክሩ በፍሬው ላይ የሚለበጥ ነውና፥ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ነጋዴ ቸኩሎ ቀደም ብሎ ካወጣው ደግሞ ከዚያም ይሳሳል።

አስመስሎ የሚሠራው ሉል ግን በመስተዋት ወይም በፕላስቲክ ፍሬ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባ ነው። ፈረንሳዮች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀለሙን ከዓሣ ቅርፊት ያወጡ ነበር። ብዙ ሰው በክብደት እለየዋለሁ ይላል፤ ፕላስቲክን ለመለየት ይረዳል እንጂ መስተዋት ከሉል ብዙም አይለይምና ያሳስታል።

እኛ አስቀድመን ሁለቱንም ሐብሎች አጠብናቸው፤ ቀጥሎም በፊት ጥርሳችን ጫፍ በቀስታ አሸናቸው። የገበያው እንደ ቅባት አንሸራተተ። የእናታችን ግን እንደ ደቃቅ አሸዋ ኮረኮረን፤ ይኸውም የናክሩ ሰሌዳዎች ጠርዝ ነው። በአጉሊ መነጽር ቀዳዳውን ስናይ፥ በገበያው ፍሬ ላይ ቀለሙ እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም ተልጦ መስተዋቱ ታየ። በሌላው ላይ ልባጡና ፍሬው የሚገናኙበት ቀጭን መስመር ታየን። መስተዋት እንዳልሆነ በዚህ ተረዳን። በባሕር ላይ በአጋጣሚ ከተገኘው ሉል በሰው የለማውን መለየት ግን በጥርስ አይቻልም፤ ቀዳዳው ካላሳየ በኤክስሬይ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥሩነቱን መረመርን። ሐብሉን በመስኮት አጠገብ ይዘን የመስኮቱን ምስል በፍሬዎቹ ላይ ፈለግን። በጥሩ ሉል ላይ የመስኮቱ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በዚህኛው ላይ ግን ጭጋግ እንደ ለበሰ ነበር። በብርቱ መብራት ሥር ቀስ ብለን ስናንከባልለውም፥ ከ58ቱ ፍሬዎች 21ዱ እንደሚጠቅስ ዓይን አንድ ጊዜ ብሩህ፥ አንድ ጊዜ ግራጫ ሆኑ። የውስጠኛው ፍሬ ንብርብር በስሱ ናክር በኩል ስለሚታይ ነው። በአራቱ ላይ ደግሞ ልባጡ ከቀዳዳው ጫፍ ተሰባብሯል።

ስለዚህ ለእናታችን የነገርናቸው ይህ ነው። እመቤትዎ ሉል ነው ማለታቸው ሐሰት አይደለም፤ ከደመወዝሽ ይበልጣል ማለታቸው ግን እጅግ ያጠራጥራል፤ ናክሩ የሳሳ ሉል በገበያ ዝቅተኛው ነውና። እናታችን ጥቂት ዝም ብለው «መስተዋት ካልሆነስ እለብሰዋለሁ» አሉን። ፍሬዎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይፋጩ በየመካከላቸው ቋጠሮ እያደረግን በአዲስ የሐር ክር ሰካንላቸው፤ ሽቶ ተቀብተው ከደረቀ በኋላ እንዲያጠልቁትም ለመንናቸው።

ሁለቱም ሐብሎች በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። በጥርሳችሁ መሞከር የምትሹ የገበያውን ውሰዱ፤ የእናታችንን ግን በዓይን ብቻ እዩልን፤ ከበዓሉ በኋላ አጥልቀውት ይሄዳሉ።