ዋሳ ሻጯ ስንት ብር ዕዳ አለባት?

የምንናገረው ስለ ቁጠባ የሬዲዮ ድራማው ጽሑፍ ነው። እኛ የሂሳቡን ሥራ የምንይዝ ነንና የምንናገረውም ከዚያው በኩል ነው።

በአገራችን ድራማን ለትምህርት ማዋል አዲስ ነገር አይደለም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፉትን «የቀን ቅኝት»ንና «ዲምቢባ»ን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ ለየቋንቋው የራሱ ድራማ ማለት ነው። የእኛ ግን እዚሁ መናኸሪያ ገበያው ውስጥ እንደሚነገረው ነው። ዋሳ ሻጯ በሲዳሙ አፎ ትጀምራለች፣ ገዢዋ በአማርኛ ትመልሳለች፣ ሻይ ሻጯ መሐል ገብታ ሁለቱንም ትናገራለች። ለጆሮ ደስ ይላል። ችግሩ የሚመጣው ብር ሲቆጠር ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አሥር ሴቶች በሳምንት መቶ መቶ ብር ዕቁብ ይጥላሉ። የመጀመሪያው ዕጣ ለዋሳ ሻጯ ወጣና አንድ ሺህ ብር ተሰጣት። እሷም ለጎረቤቷ በሲዳሙ አፎ «አንድ ሺህ ብር ቆጠብኩ» ትላለች። የዕቁቡ ዳኛ በአማርኛ «ከዚህ ውስጥ ያንቺ መቶ ብር ብቻ ነው፤ ዘጠኝ መቶው ዕዳ ነው» ብላ ትመልስላታለች። ሂሳቡ እውነት ነው። እስካሁን የጣለችው አንድ ጊዜ ነው፣ ዘጠኝ ሳምንት ይቀራታል። በአምስተኛው ሳምንት የሚደርሳት ሴት ግማሹ የራሷ፣ ግማሹ ብድር ነው። በአሥረኛው የምታነሳዋ ግን ሙሉውን ቆጥባ ነው። በአንድ ዕቁብ ውስጥ ተበዳሪም ቆጣቢም አለ፤ ድራማው የተጻፈውም ይህን ለማሳየት ነው።

አሁን አማርኛ የማትሰማ እናት ቤቷ ሆና ስታዳምጥ አስቡ። የሰማችው «አንድ ሺህ ብር ቆጠብኩ» የሚለውን ብቻ ነው። የዳኛዋ መልስ አልፏታል። ሬዲዮ ላይ ደግሞ ከሥር የሚጻፍ ትርጉም የለም። ብሩን ሁሉ ለበዓል አውጥታ በሚቀጥለው ሳምንት የምትጥለው ብታጣ ጥፋቱ ከጽሑፉ ነው።

ሁሉንም ንግግር ሁለት ጊዜ ማስደገም ግን አይቻልም፤ ጊዜው ያልቃል፣ ድራማውም አስተርጓሚ ያለበት ስብሰባ ይመስላል። ሰላምታው፣ ቀልዱ፣ የዋጋ ክርክሩ በአንድ ቋንቋ ቢያልፍ ምንም አይጎዳም፤ ከድምፁ ይገባል። በሁለቱም መሰማት ያለበት የብሩ መጠን፣ የሚጣልበት ቀንና ዕዳው የማን እንደሆነ ነው። እሱም በትርጉም ሳይሆን በጥያቄ ይግባ። ዳኛዋ «መቶ ብር» ስትል ዋሳ ሻጯ ደንግጣ «ጢቤ?» ትበል፤ ሻይ ሻጯም «አዎ፣ ጢቤ፣ መቶ፣ ሌላው ዕዳሽ ነው» ብላ በሁለቱም ቋንቋ ትመልስላት። ሰው ስለ ገንዘብ ሲደነግጥ መድገሙ ያለ ነው፣ ማንም አዳማጭ እንግዳ አይሆንበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ሲዳሙ አፎ የምትናገረዋ ሁልጊዜ የማታውቅ፣ አማርኛ የምትናገረዋ ሁልጊዜ አስተማሪ ከሆነች ግማሹ አዳማጭ ተሰድቦ ሬዲዮውን ይዘጋል፤ ልክም ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ክፍል ዋሳ ሻጯ ናት የገዢዋን ዱቤ በሲዳሙ አፎ ቆጥራ የምታርማት።

ስለ ወረቀቱም እናንሳ። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ አማርኛው በእኛው ፊደል ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም ይኖራሉ። ቁጥር ግን በአኃዝ አይጻፍ። 100 ብላችሁ ከጻፋችሁ ተዋናይዋ አፏ በለመደው ቋንቋ ታነበዋለች፣ ጸሐፊዋ አስባ ያስቀመጠችው መቀያየር ይጠፋል። መቶ ከሆነ መቶ፣ ጢቤ ከሆነ ጢቤ፣ በቃል ይጻፍ።

ድምፅ የሚያመሳስለውንም ተጠንቀቁ። ዕቁብ የደረሳት ሴት ዋስ ትጠራለች። ዳኛዋ «ዋስ አምጪ» ስትላት በሬዲዮ «ዋሳ አምጪ» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። እኛ አስቆብን ይቅር አልን፤ ዋሳ ሻጯ ከቅርጫቷ አንድ ጥቅል ታወጣለች፣ ዳኛዋም «የሚፈርምልሽ ሰው ነው ያልኩሽ» ትላታለች። የዋስ ትርጉም በዚያው ተነገረ።

ከመቀረጹ በፊት ጽሑፉ ሁለት ቦታ ይነበብ፤ አማርኛ ብቻ በሚሰሙ እናቶች ፊት አንድ ጊዜ፣ ሲዳሙ አፎ ብቻ በሚሰሙት ፊት አንድ ጊዜ። «ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ዋሳ ሻጯ ስንት ብር ዕዳ አለባት?» በሉ። ዘጠኝ መቶ ያለችው ሰምታለች። አንድ ሺህ ወይም ምንም የለባትም የሚል መልስ ከአንደኛው ወገን ከበዛ፣ የሻይ ሻጯን መልስ አውጥታችሁ እንደገና ጻፉት።