ለቃል ፈተና የሚሆን የእጅ ሰዓት ስለ መምረጥ

የዛሬው ንግግራችን ሥራ ለመቀጠር የቃል ፈተና የሚቀርብ ወጣት፥ በአነስተኛ ገንዘብ የሚገዛውን የመጀመሪያ ሰዓቱን እንዴት እንደሚመርጥ የሚገልጽ ነው።

የአክስቴ ልጅ ለባንክ ሥራ በተጠራ ጊዜ ሰዓት ለመግዛት አብሬው ወደ ፒያሳ ሄድሁ። ወዲያው ያነሣው፥ ስፋቱ 44 ሚሊ ሜትር የሆነ፥ ጥቁር ገጹ ላይ ሦስት ትናንሽ ክቦች ያሉበትን ሰዓት ነበር።

«ወንድም ጋሼ፥ ይኸ እኮ ከሩቅ ይታያል» አለኝ።

«መታየቱስ ይታያል፤ ግን አስቀድመን እጅህን እንለካ» አልሁት።

የእጁ አንጓ ከላይ በኩል ሲለካ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሰዓቱ ግን፥ ማሠሪያው ከሚያያዝበት ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ 53 ሚሊ ሜትር ስለ ነበረ፥ በሁለት ወገን ከእጁ ወጥቶ የተዋሰው መሰለ። ገዢ ሁሉ የሚጠይቀው የክቡን ስፋት ነው፤ በእጅ ላይ መስማማቱን የሚወስነው ግን ይህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ውፍረቱም 13 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በተቆለፈው የሸሚዝ እጅጌ ሥር አልገባ አለ። ከዚህ በኋላ ስፋቱ 36፥ ርዝመቱ 44፥ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነውን በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ብናስርለት፥ በእጁ ላይ ልክ ተቀመጠ።

ስለ ገጹ ቀለምም ምክንያት አለን። በፈታኞች ፊት ሰዓትን ደጋግሞ ማየት የመሰልቸት ምልክት ሆኖ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ሰዓቱ በአንድ አፍታ መነበብ አለበት። የሚያብረቀርቁ ጠቋሚዎች በጥቁር ገጽ ላይ ሲሆኑ ብርሃን ባነሰበት ክፍል ይጠፋሉ። በነጭ ገጽ ላይ ያሉ ጥቁር ጠቋሚዎች ግን ወዲያው ይለያሉ። እኛም ነጩን መረጥን።

የቀረው ማሠሪያው ነው። ጫማውና ቀበቶው ጥቁር ስለ ነበሩ፥ ጌጥ የሌለው ጥቁር ቆዳ ፈለግን። የሰዓቱ ማያያዣ ክፍተት 18 ሚሊ ሜትር ነበረ፤ 20 የሆነ ማሠሪያ አይገባም፥ 16 የሆነውም ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ ይተዋል። መጀመሪያ የተሰጠን በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ታስሮ ጫፉ ተንጠለጠለ። አጠር ያለው ግን በመካከለኛው ቀዳዳ ላይ ዘለበቱ ተያዘለት።

ከፈተናው ሲመለስ «ሰዓቴን ማንም ልብ ያለው የለም» ብሎ ቅር አለው። እኔም «ምርጫችን የተሳካው እንግዲህ በዚህ ነው፤ አንተን እንጂ ሰዓትህን አላዩም» አልሁት።