መልስ ላላገኘ ኢሜይል እንደገና ስንጽፍ

እህቶቻችን፣ ለኮልፌው ስፌት ክፍላችን 6 መኪና እንዲገዛልን ጀርመን አገር ላሉ ረጂዎቻችን ኢሜይል የላክነው አርብ ታኅሣሥ 10 ከሰዓት በኋላ ነበር። ሳምንት ሙሉ መልስ ስናጣ «ረሱን እንዴ?» ብለን ልንጽፍ ቃጣን። ለካ የእነሱ ገና ታኅሣሥ 16 ነው፤ እስከ አዲስ ዓመታቸው ብዙ ቢሮ ይዘጋል። ታገስንና ማክሰኞ ጥር 5 ጠዋት ጻፍን።

የቀድሞው ኢሜይል ከሥር እንዲታይ በእሱ ላይ መለስን፤ ፕሮፎርማውንም እንደገና አያያዝን፤ በመልስ ጊዜ አባሪ አብሮ አይሄድምና። በርዕሱ ላይ «አስቸኳይ» አላልንም። «የ6 ስፌት መኪና ጥያቄ፦ ፕሮፎርማው እስከ ጥር 20 ይጸናል» አልን። ቀኑን የቆረጠው ሱቁ ስለሆነ ወቀሳ አይመስልም። ከሥሩም አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀመጥን፦ «እስከዚያ ይወሰናል ወይስ ከሱቁ ማራዘሚያ እንጠይቅ?» ሐሙስ ዕለት «አራዝሙ» የሚል አጭር መልስ መጣልን።